ፍሬሙ የሸፈነው ኅዳግ

በሥራዬ ከሌላው ቃል ሁሉ አብልጬ የጻፍኩት «የማይነበብ» የሚለውን ነው። ፊርማው የማይነበብ፣ ማኅተሙ በከፊል የማይነበብ፣ በእጅ የተጻፈው የማይነበብ እያልኩ በቅንፍ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቃሉ ክፉ አይደለም። ተርጓሚ ያላየውን እንዳየ አስመስሎ እንዳይጽፍ ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ግን እኔው ራሴ ተደበቅሁበት። ከዚያ ወዲህ ስጽፈው ጣቶቼ ትንሽ ይዘገያሉ።

የምሠራው መካነ ሰላም፣ ከፍርድ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ አሮጌ ስካነር፣ ለደንበኛ የተዘረጋ አግዳሚ ወንበር። ባለቤቱ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ የትርጉም ፈቃድ አውጥተው ከፈቱት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ጠሩኝና ገባሁ። እስካሁን የምጠራቸው ጋሼ ብዬ ነው። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ከዋናው ጋር እያመሳከሩ ያነባሉ፣ ይፈርማሉ፣ ክቡን ማኅተም ያሳርፋሉ። ማኅተሙን ሌላ ሰው አይነካውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁ ቀን ያሉኝን አልረሳውም። «ወረቀቱ ላይ ያለ ሁሉ ይተረጎማል። ዓርማው፣ ማኅተሙ፣ የስምና የማዕረግ ቲተሩ፣ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረው ሳይቀር። ማኅተም አይሣልም፤ ቅርጹና ቀለሙ ይነገራል፣ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ይተረጎማል። ስም አይተረጎምም፤ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ይጻፋል። ቀኑ እንዳለ ይቀመጥና የፈረንጁ በቅንፍ ይከተለዋል። ከራስሽ አንዲት ቃል አትጨምሪ፣ አንዲት ቃል አታጉድዪ።» ይህ ትምህርት ለእኔ ዓይነት ሰው የተሠራ ነበር። ከሰው ጋር መነጋገር ይከብደኛል። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ ቀስ ብዬ አየዋለሁ፣ እሱም ይጠብቀኛል።

ሴትዮዋ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ለፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚያጽፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ስትገባ ሰላም አላለችም። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ዘረጋችልኝ።

«ይቺን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጭልኝ» አለች።

«ተራ አለ እኮ እመቤት» አለ ከአግዳሚው አንድ ገበሬ። «እኔ ከጠዋት ጀምሬ ነው ከድንበር ክሴ ጋር የተቀመጥኩት።»

«ድንበርህ የትም አይሄድም» አለችው ዞር ሳትል። «የኔ ሰው በማቀዝቀዣ ነው ያለ።»

ገበሬው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ተራ ያነሣ አልነበረም።

ነገሩን በቁርጥራጭ ነገረችኝ። ባሏ አረብ አገር በሕንፃ ሥራ ላይ ነበር። ከመወጣጫ ወድቆ ሞቷል። የሥራ ጓደኛው ደውሎ አስከሬኑ ሆስፒታል እንደሚገኝ ነግሯታል። ወደ አገሩ እንዲላክ የምትጠይቀው ሕጋዊ ሚስቱ መሆን አለባት፤ ሚስት መሆኗ ደግሞ የሚታወቀው በጋብቻ ወረቀት ነው፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ያለበት። ጓደኛው ለኤምባሲው ይዞላት ይገባል። ሆስፒታሉ የሚጠብቅበት ቀን አለው። ጠያቂ ካልቀረበ እዚያው ይቀብሩታል።

«እኛ በቁርባን ነው የተጋባን» አለችኝ። «እናቱ የተቀበረችው ደብሩ ውስጥ ነው። ጎኗ ቦታ አለ። እዚያ ነው የማስገባው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ገንዘብም አልፈልግም፤ እሱን ብቻ።»

«ከቀበሌ የተሰጠ የጋብቻ ወረቀት የለዎትም?» አልኳት።

«ኧረ አንቺ በይኝ፣ እኩያሽ ነኝ» አለች። «የለኝም። አሁን ላስመዝግብ ብዬ ሄጄ ነበር። ሁለታችሁም ካልቀረባችሁ አይሆንም አሉኝ።»

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። «እውነታቸውን ነው። የሞተ ሰው ጋብቻ አያስመዘግብም። በፍርድ ቤት በምስክር ይረጋገጥ ብንል ደግሞ ቀጠሮው ይረዝማል። የቤተ ክርስቲያኑ ይሞከር።» ወደ እኔ ዞሩ። «ዋናውን ስላላየን ‹ከፎቶግራፍ የተተረጎመ› ብለሽ ከላይ ጻፊበት።»

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስተላልፌ አሰፋሁት። የደብሩ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ከላይ መስቀል፣ ከሥሩ የደብሩ ስም፣ መሐል ላይ የሙሽራውና የሙሽራዪቱ ስም፣ የምስክሮች ስም፣ በጥር ወር የተጻፈ ቀን፣ ታች የአስተዳዳሪው ፊርማና ቲተር፣ በላዩም ክብ ሰማያዊ ማኅተም። ፎቶው ጥሩ አልነበረም። በቀኝ በኩል ነጭ ብርሃን ተኝቶበታል፤ በብርሃኑ ውስጥ ስልክ የያዘ እጅ ጥላ ይታያል። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ቡናማ መስመር አለ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የተነሣ መሰለኝ፣ ቡናማው የጠረጴዛው ጠርዝ።

በዚያ በቡናማው መስመር አጠገብ የግማሽ ማኅተም ቅስት ነበረ። ከቅስቱ በታች በእስክሪብቶ የተጻፉ ሦስት መስመሮች፤ መስመሮች ማለት ይከብዳል፣ የመጨረሻ ፊደሎቻቸው ብቻ ናቸው የሚታዩት። አሰፋኋቸው። «ላሉ» የሚል ነገር አየሁ። ሌላው የፊደል እግር ነው።

ሌላም ነገር አየሁ፤ ሰማሁ ብል ይሻላል። ሴትዮዋ ከጎኔ ቆማ ስክሪኑን እያየች ባሏን በስሙ ትጠራው ነበር፣ በቀስታ፣ ለራሷ። የምትጠራው ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ያለው በ«ወልደ» የሚጀምር ስም ነው፤ የሷም በ«ወለተ»።

ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ወርዶ በሻሿ ጫፍ ትጠርገዋለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ያዩናል። በእኛ አገር ሚስት ባሏን የቤት ስም ታወጣለታለች፣ አማትም ታወጣለች፤ ይሆናል አልኩ። በወልደ የሚጀምር ስም ያለው ሰው በየቀበሌው ሞልቷል። የሚያለቅስ ሰው «የባልሽ ስም ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል? አፌን መልሼ ዘጋሁ።

እየጻፍኩ ሄድኩ። ቀኑን እንዳለ አስቀምጬ፣ ጥር ስለሆነ ስምንት ዓመት ደምሬ የፈረንጁን በቅንፍ አስገባሁ። ማኅተሙን ገለጽኩ፦ ክብ፣ ሰማያዊ፣ በመሐሉ መስቀል፣ በዙሪያው የደብሩ ስም። ቲተሩን ተረጎምኩ። ሁለቱን ስሞች ድምፃቸውን ጠብቄ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ፓስፖርቱን አላየሁም፤ አልጠየቅሁም። በግራ ያለው ላይ ስደርስ «ክብ ማኅተም፣ በከፊል የሚታይ። በኅዳግ ላይ በእጅ የተጻፈ፣ የማይነበብ» አልኩ።

ጋሼ አነበቡት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ይቺ የኅዳግ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«አትነበብም፣ ጋሼ።»

«ጠይቀሻታል?»

ወደ ኪቦርዱ አቀረቀርኩ። ጠባዬን ያውቁታል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ሌላ አስር ሰው ይጠብቃቸዋል። «ዩኒቨርሲቲ አፍ አያስተምርም እንዴ፣ እናንተዬ?» ብለው አግዳሚውን አሳቁና ፈረሙ፣ ማኅተሙን አሳረፉ። ስካን አድርጌ ለጓደኛው በቴሌግራም ላክሁላት።

«በቃ?» አለችኝ።

«በቃ።»

«አብሽሪ በይኝ እንጂ» አለች፣ ልትስቅ ሞክራ።

«አብሽሪ» አልኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ እያየኋት።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ቤቷ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ከመኪና ከወረደች በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግር። እነሱ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ተራራው ላይ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ መልእክቱ የገባላት ከተማ ስትደርስ ነው፤ ገና አልሰማችውም ነበር። ጓደኛው በድምፅ ነው የላከው። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጋ አብረን ሰማነው።

«እህቴ፣ እንደምን አለሽ። ወረቀቱን አስገብቼው ነበር። በዚህ ስም የተመዘገበ አስከሬን የለንም አሉኝ። በፓስፖርቱ ያለው ስምና ያንቺ ወረቀት ላይ ያለው ስም አንድ አይደለም። የሌላ ሰው ወረቀት ነው ያመጣህ አሉኝ። እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እሷ ሚስቱ ናት ብላቸው፣ በአፍ አይሆንም አሉ። ኅዳጉ ላይ ያለው አይነበብም ይላል፣ እሱ ምንድን ነው እያሉ ነው። ቶሎ በይ እህቴ። ቀኑ እየተቆጠረ ነው።»

ድምፁ አለቀ። ፊቴ ሲቃጠል ታወቀኝ።

«የኔ ባል አይደለም አሉ?» አለች።

«ስሙ…» አልኩ። «ወረቀቱ ላይ ያለው የክርስትና ስሙ ነው?»

«እሱማ ነው። ቄሱ ሲያቆርቡን ሌላ በምን ስም ይጠሩናል?»

ይህን ያህል ቀላል ነበር። እኔም ክርስትና የተነሣሁ ሰው ነኝ። ካህን ፊት ስቆም ወለተ ተብዬ የምጠራበት ስም አለኝ፤ መታወቂያዬ ላይ የለም፣ ዲግሪዬ ላይ የለም። በቁርባን የሚጋቡ ሰዎች ወረቀት የሚጽፍ የደብር ጸሐፊ ሙሽሮቹን የሚያውቃቸው በዚያ ስም እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል?

«ዋናው ወረቀት የት ነው ያለ?» አልኳት።

«ግድግዳ ላይ።»

«ግድግዳ ላይ?»

«በፍሬም ነዋ። ከሠርጋችን ፎቶ ጎን። እሱ ሲሄድ እዚሁ ከተማ አምጥቼ አሠራሁት፣ እንዳይበላሽ ብዬ። ፎቶውንም ከግድግዳው ሳላወርድ ነው ያነሣሁት። አማቼ ‹የቁርባን ወረቀት ከግድግዳ አይወርድም፣ ደግ አይደለም› አሉኝ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈትኩ። ነጩ ብርሃን የመስኮት ነጸብራቅ ነው። ጥላው የሷው እጅ ነው፣ በመስታወቱ ላይ። ቡናማው መስመር ጠረጴዛ አልነበረም፤ የፍሬሙ እንጨት ነው። ጽሑፉ ከእንጨቱ ሥር ገብቷል። ጽሑፉ የማይነበብ ሆኖ አያውቅም። የተሸፈነ ነበር። «በፍሬም የተሸፈነ» ብዬ ብጽፍ፣ ወይም «ከፎቶው ውጭ የቀረ» ብል፣ ጋሼ ገና ሲያነቡት ‹ታዲያ ፍሬሙን አውልቃ ታምጣዋ› ይሉ ነበር። «የማይነበብ» የሚለው ግን በሩን ይዘጋዋል፤ ምንም አይደረግም ማለት ነው።

«ፍሬሙን ራሱን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ድምፄ ከፍ ስላለ ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬውኑ ሂጂ። እንዳለ አምጪው።»

ሄደች። በማግሥቱ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ እዚህ የሚኖር ሰው መንገድ ሲዘጋ ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ መቼ ይከፈታል ብሎ እንጂ። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። አራት ቀን ሙሉ ሚኒባስ አልገባም አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ወደ መናኸሪያው እሄድና ባዶውን ሜዳ አይቼ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው የቀድሞውን ትርጉም ከፋይል አውጥተው፣ ፎቶውን በማጉያ መነጽር ሲያዩት አገኘኋቸው። «እኔም አላየሁትም» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልለየሁም። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በእግር መጡ። እሷና አማቷ፣ የባሏ አባት፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ፍሬሙን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን በደረታቸው ይዘውታል። ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም፤ ጋሼ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«አባባ፣ ልንከፍተው ነው» አሏቸው ጋሼ። «ከፈቀዱ።»

«ክፈቱት። ባለቤቱ ሞቶ የለ» አሉ ሽማግሌው።

ጀርባው በትናንሽ ምስማር ተመትቷል። ጋሼ በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ ነቀሉት። ካርቶኑን አነሣን። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ትንሽ ተጣብቆ ነበር፤ በጥፍሬ ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። መሐሉ በብርሃን ብዛት ቢጫ ሆኗል። በግራ በኩል ግን፣ በእንጨቱ ሥር የነበረው ሦስት ጣት የሚያህል ስፋት፣ እንደ አዲስ ወረቀት ነጭ ነበር። በነጩም ላይ፣ ትናንት የተጻፈ ይመስል በጠራ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሦስት መስመር፦ «ከላይ የተጠቀሱት ሙሽሮች በዓለም ስማቸው እንዲህና እንዲህ ይባላሉ።» የሁለቱም ስም እስከ አያት። የጸሐፊው ፊርማ። ቃሉ በኋላ ለመጨመሩ ማረጋገጫ እንዲሆን በላዩ ላይ ክቡ ማኅተም ግማሹ በጽሑፉ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ አርፏል። የደብሩ ጸሐፊ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ፍሬም የሠራው ሰውም እንጨቱን በትክክል ነው የለካው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩት። ማንበብ አይችሉም። «የትኛው ነው የጠፋባችሁ?» አሉ።

ጋሼ በጣታቸው አሳዩአቸው። «ይቺ፣ አባባ። የዓለም ስሙ።»

«እሱ ነው ጠርዝ ላይ ያለ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እግዜር የሚያውቀው ስም መሐል ገብቶ፣ የዓለሙ ጠርዝ ላይ ቢጻፍ ምን ነውር አለበት?» አሉ። ክርክር አልነበረም፤ እውነት እንዲነገራቸው ነው የጠየቁት። ጋሼ «ነውር የለበትም» አሉና ዞሩ።

እንደገና ተረጎምኩት። በዚህኛው ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ተጻፈ። የኅዳጉን ጽሑፍ በቦታው፣ በግራ በኩል አስገባሁት፤ ማኅተሙ በጽሑፉ ላይ ማረፉንም ገለጽኩ። ስሞቹን ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ጓደኛው ከድምፅ መልእክቱ ጋር የፓስፖርቱን ፎቶ ልኮ ነበር። ከታች «ቀደም ሲል የተሰጠውን ትርጉም ይተካል» አልኩ። ጋሼ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን ሲያሳርፉ እጃቸውን ከላዩ ቶሎ አላነሡም።

ኔትወርኩ የመጣው ወደ ማታ ነው። ላክሁት። ወዲያው አንድ ምልክት፣ ቆይቶ ሁለት ሆነ። ሴትዮዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጓደኛው አልጻፈም፤ ደወለ። የሚለው አልተሰማኝም። እሷ «እሺ» አለች። ቆየችና «ማን ማን ነበራችሁ?» አለች። «ማን ቀበረው?» አለች። ከዚያ «እሺ፣ እግዜር ይስጣችሁ» ብላ ዘጋችው።

የተቀበረው ከትናንት በስቲያ ነው። የሆስፒታሉ ቀን አልቆ። ጓደኛውና ሌሎች ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ፈቃድ አስፈቅደው ቆመውለታል፤ ካህን አልነበረም።

ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ሽማግሌው ተነሥተው ባዶውን ፍሬም በጋቢያቸው መልሰው መጠቅለል ጀመሩ፤ መስታወቱን፣ ካርቶኑን፣ ከመቀሱ ጎን የተቀመጡትን ምስማሮች ሳይቀር ለቅመው።

እስከ በሩ ተከተልኳት። በሕይወቴ ሰው ተከትዬ የወጣሁበት ቀን ጥቂት ነው።

«ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስሙን። ስትጠሪው ሰምቼ ነበር። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር እንደማይገናኝ አይቻለሁ። አፈርኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። በፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁም፤ ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። አማቷን ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ታች ሄደች። ነፋስ ነበር፤ ጋቢው እየተገለጠ የፍሬሙ ማዕዘን ብቅ ይላል።

ያን ሰሞን ሥራ ልተው አስቤ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። «ተዪው» አሉ። «ከተውሽው ግን የሚቀጥለው ሰው በማን ይጠየቃል? እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ አፍሽ ደክሟል፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ተርጓሚ እንሆን ይሆናል።» ቀልድ ነው፤ ግን ሁለታችንም አልሳቅንም። ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣውን ሁሉ፣ የሚያለቅሰውንም፣ የሚቸኩለውንም፣ «ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ማን ነው? ይህ ወረቀት እስከ ጠርዙ ይታያል?» እላለሁ። አሁንም ፊቴ ይቀላል፤ ግን እላለሁ።

አርባው ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው ብቻዋን መጣች። የሞት ምስክር ወረቀቱ ፎቶ ደርሷት ነበር። በሁለት ቋንቋ ታትሟል፤ የእንግሊዝኛውን እኔ እችላለሁ፣ ለዐረብኛው ጋሼ መስጊድ አጠገብ ያሉትን ሼህ አስጠርተው አብረን አመሳከርነው። ወደ አማርኛ ተገልብጦ አንዱ ቀበሌ ለሞት ምዝገባ ይገባል፣ አንዱ ደብሩ ይሄዳል። ሦስት ማኅተም ነበረው፦ አንዱ አራት ማዕዘን፣ ሁለቱ ክብ። ሁሉንም ገለጽኩ። ጠርዙ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ፎቶው ሙሉ መሆኑን ጠይቄ፣ ጓደኛው እንደገና አንሥቶ እንዲልክ አስደርጌ፣ ቁጥሩ የመቃብሩ ቁጥር መሆኑን አረጋገጥኩ።

ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጣ «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። ስሙን፣ የሞተበትን ቀን፣ የሞቱን ምክንያት፣ የመቃብሩን ቁጥር።

«የክርስትና ስሙስ?»

«እዚህ ወረቀት ላይ የለም።»

«አርባውን የሚያደርሱለት በዚያ ስም ነው» አለች። «የደብሩ ጸሐፊ በሙታን መዝገብ ሲያሰፍሩት የሚያያይዙት ወረቀት አምጪ ብለውኛል። ይህን ብቻ ይዤ ብሄድ የሌላ ሰው ሊመስል ነው። አንቺ ጻፊበትና።»

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። የመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ከራስሽ አንዲት ቃል አትጨምሪ።

«ልጨምርበት አልችልም» አልኳት። «ዋናው ላይ የሌለ ነገር ትርጉሙ ላይ ከገባ ትርጉሙ ውሸት ይሆናል።»

ተከፋች ብዬ ሳይ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እውነትሽን ነው። አንቺ አትጻፊው። ጸሐፊው ራሳቸው ይጽፉበታል፣ ያኔ እንደጻፉት። ቦታ ብቻ ተዪላቸው።»

ሁለት ቅጂ አወጣሁ። የቀበሌው እንደ ወትሮው ነው። ለደብሩ በሚሄደው ላይ የግራውን ኅዳግ አሰፋሁት፤ ሦስት መስመርና አንድ ክብ ማኅተም ሳይጨናነቅ እስኪይዝ። ጽሑፉ በሙሉ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊያልፍ ሲል ፊደሉን አሳነስኩ።

ጋሼ ሲፈርሙ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት። ነጩን ቦታ በአውራ ጣታቸው ለኩት። የራሳቸውን ማኅተም ከታች፣ በቀኝ በኩል፣ ከኅዳጉ አርቀው አሳረፉ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ልታጥፈው ስትል ቆም አለች። እጥፋቱ በነጩ ላይ እንዳያርፍ ከመሐል ሳይሆን ከቀኝ በኩል አጠፈችው፣ በብብቷም አስገባችው። የዚያን ቀን መኪና ስላልነበረ በእግሯ ሄደች።